«የመጨረሻ ዋጋችሁን አሳውቁን»፦ የአንድ የሶላር ፕሮፎርማ ጉዳይ

ኢሜይሉ የደረሰኝ በግንቦት ወር አንድ ማክሰኞ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እራት ላይ ነበርኩ። ስልኬን ባላየው ይሻለኝ ነበር፤ ግን አየሁት።

> ጤና ይስጥልን። የላካችሁትን ፕሮፎርማ ተመልክተነዋል፤ እናመሰግናለን። ሆኖም ዋጋው ከጠበቅነው በላይ ሆኖብናል። ሌላ ድርጅት ለተመሳሳይ ሥራ 790,000 ብር አቅርቦልናል። ከእናንተ ጋር ብንሠራ ደስ ይለናል፤ በዚህ ዋጋ ግን ይከብደናል። የመጨረሻ ዋጋችሁን አሳውቁን።

የእኛ ዋጋ ቫትን ጨምሮ 1,081,000 ብር ነበር። ልዩነቱ 291,000 ብር ነው። እራቱ አልወረደልኝም።

የሶላር ሥራ ነው የምንሠራው። ሁለት ሸሪኮች ነን። እኔ ሽያጩንና ወረቀቱን እይዛለሁ፤ ሸሪኬ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ መግጠሙ የእሱ ነው። ደንበኛው አዳማ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። የጻፉልኝ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ከእሳቸው በላይ ደግሞ ሦስት ባለድርሻ ሐኪሞች አሉ። ስም አልጠቅስም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም።

ከሁለት ሳምንት በፊት አዳማ ወርደን ክሊኒኩን አይተን ነበር። ሁለት የሕክምና ወንበር፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ መብራቶች፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፍሪጅ። ሸሪኬ ሲለካው በአማካይ 1.5 ኪሎዋት ይጠቀማሉ። መሣሪያ የሚቀቀልበት ኦቶክሌቭ ብቻውን ብዙ ኃይል ስለሚበላ መብራት ባለበት ሰዓት ይሠራ ተባብለን አስወጣነው። መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል ብዬ ስጠይቅ «አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አራት ሰዓት ያህል» አሉኝ። ይህችን መልስ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። በኋላ የጠቀመችኝ እሷ ናት።

ፕሮፎርማው ላይ የነበረው ይህ ነው፦ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር 160,000 ብር፤ ሁለት የሊቲየም ባትሪ 440,000 ብር፤ ስምንት ባለ 550 ዋት ፓኔል 160,000 ብር፤ ማቆሚያው፣ ገመዱ፣ ብሬከሩና የመግጠሚያው ዋጋ አንድ ላይ 180,000 ብር። ድምሩ 940,000፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 1,081,000።

ያልተላከው መልስ

በዚያ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ መልስ ጻፍኩ። ዛሬም ረቂቅ ሳጥኔ ውስጥ አለ። «የእኛ ዕቃ ጥራት ያለው ቢሆንም፣ ከእናንተ ጋር ያለንን መልካም ግንኙነት በማሰብ የ8 በመቶ ልዩ ቅናሽ አድርገናል» ይላል።

ልልከው ጣቴን ካስጠጋሁ በኋላ አቆምኩ። ያቆመኝ ብልህነት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ከ940,000 ብሩ ውስጥ የዕቃውና የሠራተኛው ወጪያችን 820,000 ብር ያህል ነው። የሚቀረን 120,000 ነው። 8 በመቶ ማለት 75,200 ብር ነው። ከቀሪያችን ስድሳ በመቶ በላዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሄዳል ማለት ነው። በቀሪው 44,800 ብር ደግሞ ለአንድ ዓመት አዳማ እየተመላለስኩ አገልግሎት ልሰጥ ቃል ገብቻለሁ። ለደንበኛው 8 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ከ1,081,000 ላይ ሲታይ እውነትም ትንሽ ነው። ለእኛ ግን የሚቆረጠው ከጠቅላላው ሳይሆን ከትርፉ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው ለክርክር ብሎ ጨምሮ ይጠራል፣ ገዢውም ይህን እያወቀ ግማሹን ይጠራል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ጨዋታውን ሁለቱም ያውቁታል፤ ማንም አይቀየምም። ኢሜይል ላይ ግን ቃሉ ተጽፎ ይቀራል። ሥራ አስኪያጇ መልሴን ለሦስቱ ባለድርሻዎች ያስተላልፋሉ። እኔን አይተውኝ የማያውቁ ሦስት ሰዎች አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁኝ 75,200 ብር እንደቀነስኩ ያነባሉ። ቀጥሎ የሚያስቡት ግልጽ ነው፦ «ታዲያ መጀመሪያ ለምን ጨመረው? አሁንስ ስንት ቀርቶታል?»

ጠዋት ኢሜይሉን ለሸሪኬ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያኛው ሰውዬ ምን ባትሪ ነው ያስገባው?»

አላውቅም ነበር። በማላውቀው ነገር ላይ ነው 75,200 ብር ልሰጥ የነበረው።

የመጀመሪያው መልስ

ረቡዕ ጠዋት የላክሁት ይህን ነው።

> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ …፣
>
> ፕሮፎርማውን ተመልክታችሁ ሐሳባችሁን በግልጽ ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል የ291,000 ብር ልዩነት አለ። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ለባለድርሻዎቹም ምክንያቱን ማስረዳት እንደሚኖርብዎ ይገባኛል።
>
> ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት እንዲመቸኝ ሦስት ነገር ቢነግሩኝ፦ 790,000 ብሩ ቫትን ይጨምራል ወይ? ባትሪው ጄል ነው ወይስ ሊቲየም፣ ብዛቱስ ስንት ነው? ኢንቨርተሩ ስንት ኪሎዋት ነው? የድርጅቱን ስም መንገር አያስፈልግዎትም።
>
> የመጨረሻ ዋጋ የጠየቁኝን አልዘነጋሁም። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ሳላይ ቁጥር ብጽፍልዎ ግን በግምት ይሆንብኛል። ዝርዝሩ እንደደረሰኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ እስከ ዓርብ እልክልዎታለሁ። የእነሱ ዕቃ ለሥራችሁ የሚበቃ ከሆነም ያንኑ እነግርዎታለሁ።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። መጀመሪያ ያጠፋሁት «ጥራት» የሚለውን ቃል ነው። የሚሸጥ ሰው ሁሉ ዕቃዬ ጥራት አለው ይላል፤ ያኛውም ድርጅት ብሎ ይሆናል። ቃሉን ያነበበ ሰው የሚረዳው መከላከል መጀመሬን ብቻ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሻጭ የተቀናቃኙን ዋጋ ደግሞ መጻፍ ይፈራል፤ እንዳልሰማ ማለፍ ይቀናዋል። ደንበኛው ግን ቁጥሩን ያውቀዋል፤ የጻፈውም እሱ ነው። እኔ ካልጠራሁት የሸሸሁ እመስላለሁ። «ለባለድርሻዎቹ ማስረዳት እንደሚኖርብዎ ይገባኛል» ያልኩት ደግሞ ለማለሳለስ ብቻ አይደለም። ሥራ አስኪያጇ የራሳቸውን ገንዘብ አይደለም የሚያወጡት። ውድ ዋጋ ከመረጡ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ማድረግ ያለብኝ እሳቸውን ማሳመን ሳይሆን ይዘውት የሚገቡትን ወረቀት ማዘጋጀት ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የመጨረሻ ዋጋ የሚለው ነገር ነበር። በውጭ ሰዎች የሽያጭ ምክር ላይ ጥያቄውን ዝም ብለህ እለፈው የሚል አይቼ አውቃለሁ። በእኛ አገር አይሠራም። በቀጥታ የተጠየቀ ሰው ዝም ካለ ንቀት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ሰምቻለሁ አልኩ፤ ለምን አሁን እንደማልመልስ ነገርኩ፤ መቼ እንደምመልስ ቀን ቆረጥኩ። «አንቀንስም» አላልኩም። «እንቀንሳለን»ም አላልኩም።

የድርጅቱን ስም አለመጠየቄ ጥሩ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሰው ፕሮፎርማ አሳዩኝ ማለት ደንበኛውን ያስጨንቀዋል። የሚያስፈልገኝ ዕቃው እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

«ተመሳሳይ ሥራ»

መልሱ ሐሙስ መጣ። ሥራ አስኪያጇ የፕሮፎርማውን ፎቶ ነው የላኩልኝ፤ የድርጅቱን ስም በጣታቸው ሸፍነውታል። ፎቶው ጥግ ላይ አውራ ጣታቸው ይታያል። ሳቅሁ፤ ግን አከበርኳቸውም።

ኢንቨርተሩ እንደኛው 5 ኪሎዋት ነው። ፓኔሉም ስምንት፣ ባለ 550 ዋት ነው። ሦስተኛው ጥያቄዬ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን ሥራቸውን ሠርተዋል። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» ይላል። ባትሪው ደግሞ አራት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ነው።

ቫቱ ሲጨመር 790,000 ወደ 908,500 ብር ይወጣል። 291,000 የነበረው ልዩነት 172,500 ሆነ። አንድ ብር ሳልቀንስ 118,500 ብር ከልዩነቱ ላይ ጠፋ።

ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል የተሳሳተው እዚህ ነው። የባትሪ አቅም ቮልቱን በአምፒር ሰዓት በማባዛት ይገኛል። የእነሱ አራት ባትሪ 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የእኛ ሁለት ሊቲየም እያንዳንዱ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ስለሆነ አንድ ላይ 10.24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም «አሥር ገደማ» ናቸው። ሐኪም ይህን አይቶ አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

ግን ጄል ባትሪን እስከ ታች አሟጦ መጠቀም አይመከርም። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ላይ ማቆም ነው የተለመደው። ከሊቲየሙ ግን 80 በመቶውን ብንጠቀም ይችላል፤ ዕድሜውም በሺዎች ለሚቆጠር ሙሌት ነው። ስለዚህ በእውነት የሚሠራበት የጄሉ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የሊቲየሙ 8.2 ያህል ነው። ክሊኒኩ 1.5 ኪሎዋት ስለሚጠቀም የመጀመሪያው ከሦስት ሰዓት ትንሽ ዘለግ ይላል፣ ሁለተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ኢንቨርተሩ ራሱ ስለሚበላ ሁለቱም በተግባር ትንሽ ያንሳሉ። የሥራ አስኪያጇ «አራት ሰዓት ያህል» መሐላቸው ላይ ነው የምትወድቀው።

ዓርብ በላክሁት ኢሜይል ሰንጠረዥ አላስገባሁም። ሰንጠረዥ ስልክ ላይ ይበታተናል፤ ባለድርሻዎቹ ደግሞ የሚያነቡት ስልክ ላይ ነው። ዋናው ክፍል ይህ ነበር።

> ኢንቨርተሩና ፓኔሉ በአቅም ከእኛ ጋር እኩል ነው። እዚያ ላይ የምለው የለኝም። 790,000 ብሩ ቫትን ስለማይጨምር ከእኛ ጋር ሲነጻጸር 908,500 ብር ነው።
>
> ልዩነቱ ባትሪው ላይ ነው። ክሊኒኩን ስናይ መብራት ብዙውን ጊዜ ለአራት ሰዓት ያህል እንደሚጠፋ ነግረውኝ ነበር። በጄል ባትሪው ፀሐይ በሌለበት ሰዓት ወደ ሦስት ሰዓት፣ በሊቲየሙ ወደ አምስት ሰዓት ይሠራሉ። መብራት የሚጠፋው ከሁለት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ከሆነ ጄሉ ይበቃችኋል፤ ርካሽም ነው፤ የሚጠግን ሰው በየቦታው አለ። አራት ሰዓት ከሆነ ግን ባትሪውን በየጊዜው ከግማሽ በታች ታወርዱታላችሁ፤ ቶሎም ይደክማል።
>
> ስለዚህ ለባለድርሻዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ 172,500 ብሩ ለተጨማሪው ሁለት ሰዓትና ለባትሪው ዕድሜ ይወጣል ወይስ አይወጣም?

«ጄሉ ይበቃችኋል» የሚለውን ሸሪኬ ሲያነብ «ለሰውዬው እየሸጥክለት ነው» ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፤ አደጋ አለው። መብራት የሚጠፋው ለአጭር ጊዜ ነው ብለው ቢወስኑ ሥራውን አጣ ነበር። ግን ያ ዓረፍተ ነገር ባይኖር የቀረውን ማን ያምነኛል? ደግሞም ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚጠፋበት ሰው ሁለት ሊቲየም ሸጬ ብመጣ የሠራሁት ጥሩ ሥራ አይሆንም።

ይህን ኢሜይል ከመላኬ በፊት የራሴን ዋጋ ፈትሻለሁ። ባትሪውን ወደሚያስመጣልን ሰው ደውዬ የዚያን ሳምንት ዋጋ ጠየቅሁ። የእኔ ፕሮፎርማ የተጋነነ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጥያቄ ዞሮ እኔኑ ነበር የሚያጋልጠኝ። ያኔ ትክክሉ መከራከር ሳይሆን «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ማስተካከል ነው።

ከዝምታው በኋላ

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ምንም የለም።

በአምስቱ ቀን ያን የ8 በመቶ ረቂቅ ሁለት ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ሰው ዝም ሲለን እንደተከፋብን ነው የምናስበው። ሰኞ ዕለት «ምን ደረሰ?» ብዬ ልጽፍም ነበር። የሚጨምር ነገር ስላልነበረኝ ተውኩት። ባዶ ማስታወሻ መላክ ጨንቆኛል ብሎ መናገር ነው፤ የጨነቀው ሻጭ ደግሞ እንደሚቀንስ ሁሉም ያውቃል።

ሐሙስ መልስ መጣ።

> ባለድርሻዎቹ ገለጻችሁን አንብበው ተወያይተውበታል። ሊቲየሙ እንደሚሻል ተስማምተናል። ችግራችን በዚህ በጀት ዓመት ለዚህ ሥራ የተፈቀደልን 850,000 ብር ብቻ መሆኑ ነው። ከሐምሌ በፊት መጨመር አይቻልም።

እውነተኛው ችግር ይህ ነበር። በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ የለም። «ሌላ ድርጅት አቀረበልን» የተባለው የማወዳደር ጉዳይ ነው፤ ይኼኛው የኪስ ጉዳይ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም «ዋጋው በዛ» ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ማብራሪያ ነው። ለሁለተኛው የፈለገውን ያህል ብታብራራ 850,000 ብር 850,000 ነው።

እዚህ ላይ ያችን ረቂቅ እንደገና ከፈትኩና ሒሳብ ሠራሁ። 8 በመቶ ቀንሼ ብልክ ኖሮ ዋጋችን ከነቫቱ 994,520 ብር ይሆን ነበር። ከበጀታቸው አሁንም በ144,520 ይበልጣል። ከትርፌ ስድሳ በመቶውን ጥዬ ሥራውንም አላገኝም ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ቅናሽ፣ ከዚያ ሌላ።

የጻፍኩላቸው ዋጋ የሚቀንስበትን አንድ ቦታ ነው፦ ዕቃው ሲቀንስ። አሁን አንድ ባትሪ ብቻ ይገባል፤ ሁለተኛው በሐምሌ በአዲሱ በጀት ይጨመራል። ኢንቨርተሩም ገመዱም ለሁለት ባትሪ የሚበቃ ስለሆነ በኋላ የሚፈርስ ነገር የለም። ከ940,000 ላይ 220,000 ሲወጣ 720,000፣ ከነቫቱ 828,000 ብር። በጀታቸው ውስጥ ይገባል፤ ከጄሉ እውነተኛ ዋጋም ያንሳል። የሚጎድለውንም እዚያው ጻፍኩ፦ እስከ ሐምሌ ድረስ መብራት ሲጠፋ የሚሠሩት ለሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለተኛው ባትሪ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሞዴል መሆን ስላለበት ከዓመት በላይ ባታቆዩት ይሻላል አልኩ። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ «የሁለተኛው ባትሪ ዋጋ በሚገዛበት ቀን ዋጋ ይሆናል» ብዬ አከልኩ።

በዚያው ቀን ከባለድርሻዎቹ አንዱ ራሳቸው ገቡበት። አንድ መስመር ናት፦ «800 ሺህ አድርጉትና እንጨርስ።»

ይህ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ማወዳደርም አይደለም፣ የኪስ ችግርም አይደለም፤ በጀቱ እንደሚበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ልማድ ነው። ሳይከራከሩ መግዛት እንደ መታለል ይቆጠራል። ክፋት የለበትም፤ እኔም ሸማ ስገዛ አደርገዋለሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ረጅም ማብራሪያ መጻፍ ስህተት ነው፤ ብዙ ባወራህ ቁጥር ቦታ ያለህ ይመስላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር መለስኩ።

> ዶክተር፣ ከ800,000 በታች መጨረስ ከፈለጋችሁ ሁለት ፓኔል ቀንሰን በ782,000 ብር መሥራት እንችላለን፤ ባትሪው ግን በቀን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። በስምንቱ ፓኔል ከሆነ 828,000 ብር ነው።

ሁለት ፓኔል 40,000 ብር፣ ከነቫቱ 46,000 ነው። ይህ ስጦታ አይደለም፤ ከጣሪያው ላይ የሚወርድ ዕቃ ነው። በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ «በስምንቱ ይሁን» ብለው ጻፉ። ዶክተሩ የተከፉ አይመስለኝም። ስንገጥም መጥተው ሻይ ጋብዘውናል።

እንዲህ ያለው አካሄድ የማይሠራበት ቦታ እንዳለ ልናገር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ዋጋ ታሽጎ ይገባል፤ ከተከፈተ በኋላ ኢሜይል ጽፎ ማስረዳት የለም። እዚያ ሊቲየም ይሁን ጄል የሚለው ክርክር የሚያዋጣው የጨረታው ሰነድ ሲዘጋጅ ወይም ማብራሪያ በሚጠየቅበት ቀን ነው። ሌላው ደግሞ ውሳኔውን ጨርሶ ለደንብ ያህል ሦስተኛ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ደንበኛ ነው። እሱን በጥያቄው ታውቀዋለህ፤ ምን ባትሪ ነው ስትለው አይመልስም። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ በማግስቱ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። መግዛት የሚፈልግ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከአውራ ጣታቸው።

ሐምሌ

ሥራው በሰኔ ተገጠመ። በሐምሌ አጋማሽ ሥራ አስኪያጇ ሁለተኛውን ባትሪ አዘዙ። ዋጋው በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነውና 220,000 የነበረው 238,000 ሆኖ ነበር። ፕሮፎርማውን ላክሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ።

> 220,000 ነው ብለውን ነበር እኮ። ለባለድርሻዎቹ ያስያዝኩት በዚያ ዋጋ ነው።

የድሮውን ኢሜይል ከፍቼ አየሁት። ጽፌዋለሁ፤ ግን የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው፣ ከሰላምታው በላይ፣ ማንም ሳያነብ በሚያልፈው ቦታ። 828,000ው ግን መሐል ላይ በደማቅ ነው የተጻፈው። የእነዚያ ሰዎች ፕሮፎርማ ቫቱን ታች በደቃቅ እንደጻፈው ሁሉ እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ።

«ጽፌ ነበር» ብዬ መመለስ እችል ነበር። ሥራ አስኪያጇ ግን ያን ኢሜይል ይዘው ባለድርሻዎች ፊት ተቀምጠዋል። ስለዚህ የጻፍኩበትን መስመር ጠቅሼ፣ ጎላ አድርጌ ሳልጽፈው ለቀረሁት ይቅርታ ጠይቄ፣ የመግጠሚያውንና የአዳማ መመላለሻውን 9,000 ብር ከራሳችን አደረግሁ። የባትሪውን ዋጋ አልነካሁትም። ያ ቅናሽ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ከሸሪኬ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሱ ነው ይላል። እኔ የራሴን ጥፋት ከፈልኩ እላለሁ።

አሁን በፕሮፎርማችን ላይ ዋጋው የሚጸናበት ቀንና በዶላር የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ዋጋ ከጠቅላላ ድምሩ ሥር፣ በዚያው የፊደል መጠን ነው የሚጻፈው።